ምስክርነቱን ከሰጪው ጠይቁ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር። ለኅትመት እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው መካከል ብዙዎቻችን ዛሬ ቀጣሪዎች ሆነናል። አንዳንዶቻችን የራሳችንን ድርጅት ከፍተናል፣ አንዳንዶቻችን የመምሪያ ኃላፊዎች ነን፣ እኔም ዕድሜዬን በሰው ሀብት ሥራ ላይ ፈጅቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አመልካች ያቀረበውን የትምህርትና የሙያ ማስረጃ፣ በተለይ በኢንተርኔት የሚረጋገጠውን፣ እንዴት አድርገን እንደምናጣራ።

ማጣራት ስንል ብዙ ጊዜ የምናደርገው ምንድን ነው? «ኦሪጅናሉን ይዘው ይምጡ» እንላለን። አመልካቹ ኦሪጅናሉን ያመጣል፣ ጸሐፊዋ ከኮፒው ጋር ታስተያያለች፣ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም ይመታበታል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። እስቲ አስቡት፤ በዚህ መንገድ ያረጋገጥነው ኮፒው ኦሪጅናሉን መምሰሉን ብቻ ነው። ኦሪጅናሉ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ሰው የለም። ጥሩ ማተሚያና ጥሩ ወረቀት በየመንገዱ ባለበት ዘመን ወረቀት ራሱ ስለራሱ ሊመሰክር አይችልም።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደው በሕክምና ሙያ የተቀጠሩ ጓደኞቻችን ይህን ጉዳይ ከኛ በተሻለ ያውቁታል። እዚያ የነርስ ወይም የሐኪም ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ማስረጃው የወጣበት ተቋም ድረስ ተጠይቆ መልስ ይመጣል። አመልካቹ በእጁ የያዘው ወረቀት ጥያቄውን ለመጀመር ያህል ነው የሚጠቅመው፤ መልሱ የሚመጣው ከምንጩ ነው። እኛም መያዝ ያለብን ይህንኑ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ለብዙዎቹ የሙያ ሰርተፊኬቶች ዛሬ ምንጩን ለመጠየቅ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም፤ አሥር ደቂቃና አንድ ኮምፒውተር ይበቃል።

ምንጩ የሚጠየቅባቸው መንገዶች

ሰጪው ተቋም መረጃውን የሚያስቀምጥባቸው መንገዶች በመሠረቱ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በስም የሚፈለግ መዝገብ ነው። ለምሳሌ ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት ሥራ አመራር ሰርተፊኬት የሚሰጠው የአሜሪካው ተቋም ፒኤምአይ፣ ያላቸውን ሰዎች በድረ ገጹ ላይ በስምና በአገር ለመፈለግ ያስችላል። የሒሳብ ባለሙያዎቹ ኤሲሲኤም የአባላት ማውጫ አለው።

ሁለተኛው በቁጥር የሚፈለግ ነው። የአማዞን የክላውድ ሰርተፊኬት ላይ የማረጋገጫ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን `aws.amazon.com/verification` ላይ ስታስገቡ የሰውየው ስምና የፈተናው ዓይነት ይመጣል። ኮምፕቲያም እንዲሁ ኮድ አለው፤ እሱ `verify.comptia.org` ላይ ይገባል። እዚህ ላይ ቁጥሩን የሚሰጣችሁ አመልካቹ ነው፤ ገጹን የምትከፍቱት ግን እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው ዲጂታል ባጅ ነው። ባጅ ስንል ደረት ላይ የሚለጠፈው ትዝ ይለን ይሆናል፤ ይኸኛው ሥዕል ነው፣ ግን ከሥዕሉ ጀርባ መረጃ አለ። ሞዚላ የተባለው ድርጅት በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጀመረው ሐሳብ ነበር፤ ማን እንደሰጠ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ መቼ እንደተሰጠ፣ ምን ስለሠራ እንደተሰጠ በአንድ ወጥ አጻጻፍ ይቀመጣል። ዛሬ ብዙዎቹ ትላልቅ ሰጪዎች ክሬድሊ በሚባለው መድረክ ይጠቀማሉ። የባጁ ሊንክ ሲከፈት ስሙ፣ ሰጪው፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን ካለ እሱም ይታያል።

አሁን ልብ በሉ። ሲቪው ላይ የተለጠፈው የባጅ ሥዕል ብቻውን ምንም አይደለም። ማንም ሰው ከኢንተርኔት ላይ ሥዕሉን ገልብጦ ሊለጥፈው ይችላል። ዋጋ ያለው ሊንኩ ነው፤ ሊንኩም ቢሆን ዋጋ የሚኖረው ወደ ትክክለኛው ቤት የሚወስድ ከሆነ ብቻ ነው።

የቤቱን አድራሻ ማንበብ

ኪውአር ኮድ ያለው ሰርተፊኬት ሲመጣ ብዙ ሰው ይደሰታል። በስልኩ ያነሳዋል፣ አረንጓዴ ምልክት ያለበት ገጽ ይከፈታል፣ «ተረጋግጧል» ይላል፣ አለቀ። ግን ኪውአር ኮዱን ወረቀቱ ላይ ያተመው ማን ነው? ወረቀቱን የሠራው ሰው ነው። ወረቀቱን ፎርጅድ የሠራ ሰው ኮዱን ወደ ራሱ ገጽ ማዞር ምን ያቅተዋል?

ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ በአመልካቹ ሊንክ ከመሄዳችሁ በፊት የሰጪውን ተቋም ድረ ገጽ ራሳችሁ ጽፋችሁ ክፈቱ፤ የማረጋገጫ ገጹን ከዚያ ፈልጉ። በሊንኩ መሄድ ግድ ከሆነ፣ እንደ ባጅ ማለት ነው፣ ከላይ ያለውን አድራሻ አንብቡ። ከ`https://` በኋላ እስከ መጀመሪያው ሰያፍ መስመር ድረስ ያለውን ብቻ ውሰዱና ከመጨረሻው ወደ ኋላ አንብቡት። `www.credly.com/badges/` የሚል ከሆነ በ`credly.com` ነው የሚያልቀው፤ ቤቱ የክሬድሊ ነው። `credly.com.badge-check.example` የሚል ከሆነ ግን የሚያልቀው በሌላ ነው፤ የክሬድሊ ስም ደጁ ላይ ተሰቅሏል እንጂ ቤቱ የሌላ ሰው ነው።

ከዚህ የሚከፋም አለ። ሰጪው ራሱ የሌለ ሲሆን። በ2015 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ መቀመጫው ፓኪስታን ካራቺ የሆነ አክዛክት የተባለ ኩባንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን ከፍቶ የሌሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ዲግሪ ይሸጥ እንደነበር አጋለጠ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ብቻ አይደሉም የውሸት፤ ለነሱ ዕውቅና ሰጠ የሚባለው አካልም ድረ ገጽ ተሠርቶለት ነበር። እንዲህ ዓይነት ቦታ ብትጠይቁ «አዎ፣ የኛ ተማሪ ነው» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። መዝገቡ አለ፣ ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ። የሌለው ትምህርቱ ነው። ስለዚህ የማታውቁት ተቋም ሲገጥማችሁ ከሰውየው በፊት ተቋሙን አጣሩ፤ ያ ተቋም ያለበት አገር መንግሥት ወይም የታወቀ ዕውቅና ሰጪ አካል በራሱ ገጽ ላይ ስሙን ይዘረዝረዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ፋይል ከላይ እስከ ታች

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ምሳሌ ነው፤ የማንም ሰው ታሪክ አይደለም። የዳታ ማዕከል ግንባታ የሚመራ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ እንፈልጋለን እንበል። አመልካቿን ጸሐይ እንበላት። የአባቷ ስም ገብረ መድህን፣ የአያቷ ተክሉ። ሲቪዋ ላይ ሦስት ነገር አለ፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ዲግሪ 2011፣ ፒኤምፒ፣ እና «የኤደብሊውኤስ ሰርተፊኬት» ከባጅ ሊንክ ጋር። ቃለ መጠይቁን በጥሩ ሁኔታ አልፋለች፤ የሥራ ደብዳቤው ሊጻፍላት ነው።

ከፒኤምፒው እንጀምር። የፒኤምአይን መዝገብ ከፍተን በቤተሰብ ስም ቦታ `Gebremedhin`፣ በአገር ቦታ ኢትዮጵያ ብለን ፈለግን። ምንም የለም። እዚህ ላይ ብዙ ቀጣሪ «ይኸው፣ ውሸት ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ትልቁ በደል የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው።

ምን መሰላችሁ፣ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፈረንጆቹ ቅጽ ላይ ያለውን ሳጥን ግን አንዱ በአባቱ ስም ይሞላዋል፣ አንዱ ፓስፖርቱን ተከትሎ በአያቱ ስም። ከዚያ በላይ ደግሞ የፊደል አጻጻፉ አለ። ጸሐይን ራሷን `Tsehay` ብሎ የሚጽፍ አለ፣ `Tsehai` የሚል አለ፣ `Sehay` የሚልም አለ። ገብረ መድህን ደግሞ `Gebremedhin`፣ `Gebre Medhin`፣ `G/Medhin` ሆኖ ይመጣል። መዝገቡ ኮምፒውተር ነው፤ አንዲት ፊደል ከጎደለች «የለም» ይላል። ስለዚህ ማድረግ ያለብን ለጸሐይ ደውለን «በፈተናው ላይ የተመዘገቡት በምን ስም ነው? ስሙን እንደተጻፈ ይላኩልን» ማለት ነው። ደወልን፤ በአያቷ ስም ነው አለች። `Teklu` ብለን ስንፈልግ ስሟ ወጣ።

ስሟ ወጣ፤ ግን ገና አልጨረስንም። ከስሟ ጎን ያለው ሁኔታ «ታግዷል» የሚል ሆኖ አገኘነው እንበል። ይህ ምን ማለት ነው? ፒኤምፒ አንዴ ካገኙት ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም። በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ አሟልቶ ማደስ ያስፈልጋል። ያላደሰ ሰው ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ካሟላ ይመለስለታል፣ ካላሟላ ግን ይሰረዛል፣ እንደ አዲስ መፈተን ይኖርበታል። በእገዳው ጊዜ በማዕረጉ መጠቀም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ጸሐይ ፈተናውን ማለፏ እውነት ነው፤ ዛሬ «ፒኤምፒ ነኝ» ማለቷ ግን ትክክል አይደለም። ጨረታ ላይ ስሟን ከነማዕረጉ ጽፈን ብናስገባ፣ ደንበኛው መዝገቡን ከፍቶ ሲያይ የሚያፍረው ድርጅታችን ነው።

ወደ ባጁ እንሂድ። ሊንኩን ከመጫናችን በፊት አድራሻውን አነበብን፤ በ`credly.com` ያልቃል፣ ደህና ነው። ከፈትነው። ስሟ አለ። ሰጪው የአማዞን ሥልጠናና ሰርተፊኬት ክፍል ነው። ሁሉም ትክክል ይመስላል። አሁን ርዕሱን በቀስታ እናንብብ፦ `AWS Academy Graduate` ይላል። ዝቅ ብሎ `Type` የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ `Certification` አይልም፣ `Learning` ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው? አካዳሚው በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች በኩል የሚሰጥ ኮርስ ነው፤ ኮርሱን የጨረሰ ሰው ባጁን ያገኛል። ሰርተፊኬቱ ግን ተቆጣጣሪ ባለበት ለብቻ የሚወሰድ፣ የሚከፈልበት፣ ለሦስት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ፈተና ነው። ሰጪው አንድ ነው፣ መድረኩ አንድ ነው፣ ሥዕሎቹም ለማያውቅ ሰው ወንድማማች ይመስላሉ። ባጁ እውነተኛ ነው፤ ሲቪው ላይ የተጻፈው ቃል ግን ባጁ ከሚለው ይበልጣል።

ይህ የአማዞን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤሲሲኤን ብትወስዱ፣ ፈተናዎቹን ጨርሶ የሦስት ዓመት የሥራ ልምዱን ገና ያላሟላ ሰው «አፊሊየት» ነው የሚባለው፤ «አባል» የሚባለው ልምዱን ሲያሟላና ሲቀበሉት ነው። ሲቪ ላይ ሁለቱም «ኤሲሲኤ» ተብለው ይጻፋሉ። ስለዚህ ገጹ ሲከፈት ዓይናችን ስሙ ላይ ብቻ ቢያርፍ በቂ አይደለም፤ ርዕሱን፣ ዓይነቱን፣ ቀኑንና ሁኔታውን ማንበብ አለብን።

ዲግሪው ቀረ። ለዲግሪ በአገራችን ማንም ሰው ስም አስገብቶ የሚፈልግበት አንድ ክፍት መዝገብ ይዘን አንሠራም፤ የምንጠይቀው የተቋሙን ሬጅስትራር በደብዳቤ ነው። በደብዳቤው ላይ ሙሉ ስሟን እስከ አያት፣ የመታወቂያ ቁጥሯን፣ ትምህርት ክፍሉንና የተመረቀችበትን ዓመት እንጽፋለን፤ የዲግሪውን ኮፒና የራሷን የፈቃድ ፊርማ እናያይዛለን። ደብዳቤው በእጇ ሄዶ በእጇ የሚመለስ መሆን የለበትም፤ ከተቋም ወደ ተቋም ይሂድ። ተቋሙ የግል ከሆነ ወይም ዲግሪው ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የማረጋገጥና የአቻ ግምት ሥራ ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣ ዲግሪ ሲሆን ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ፣ ከእንግሊዝ ሲሆን ሄድ የሚባሉት አገልግሎቶች ዩኒቨርሲቲዎቹን ወክለው ይመልሳሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀ ሰው ከሆነ ደግሞ የመውጫ ፈተና ውጤቱም አብሮ ሊጠየቅ ይችላል።

የጸሐይ ሬጅስትራር መልስ ሰጠ፦ «ሐምሌ 2003 ተመርቃለች።» ሲቪው 2011 ይላል። የስምንት ዓመት ልዩነት! አትደንግጡ፤ ሐምሌ 2003 ማለት በፈረንጆቹ ጁላይ 2011 ነው። አንድ ቀን ነው። ግን ይህን ያላስተዋለ አንድ ወጣት የሰው ሀብት ሠራተኛ «ዓመቱ አይገጥምም» ብሎ ሪፖርት ቢያደርግ የሰው እንጀራ ይዘጋል። ማንኛውም የምትጽፉት ቀን አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይኑር።

እንግዲህ ፋይሉን ዝጉትና አስቡት። ጸሐይ ፋይል ውስጥ አንድም ፎርጅድ ወረቀት የለም። ዲግሪው እውነት ነው፣ ፈተናውን አልፋለች፣ ባጁም የራሷ ነው። ነገር ግን ሳናጣራ ብንቀጥር ኖሮ የቀጠርነው ሲቪው ላይ ያለችውን ሴት ይመስለን ነበር። በሥራዬ ደጋግሜ የሚገጥመኝ እንዲህ ያለው ነው፤ የተሠራ ማኅተም ሳይሆን የተለጠጠ ቃል። ኦሪጅናል ከኮፒ ጋር ማስተያየት ደግሞ የተለጠጠ ቃልን በጭራሽ አይዝም።

ጸሐይን ምን እናድርጋት? ይህ የኃላፊው ውሳኔ ነው። እኔ ብሆን አስጠርቼ ሁለቱን ነገሮች በግልጽ እነግራታለሁ፣ መልሷንም እሰማለሁ። እገዳው እንዳለባት ራሷ የምታውቅና ልታድስ የጀመረች ከሆነ፣ «እስከዚህ ቀን ታድሶ ይቅረብ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ደብዳቤው ላይ ይጻፋል። የባጁን ጉዳይ ልዩነቱን እያወቀች የጻፈችው ከሆነ ግን ጥያቄው የሰርተፊኬት ሳይሆን የታማኝነት ይሆናል።

ባጁ የማን ነው?

አንድ የሚቀር ነገር አለ። የባጅ ሊንክ ለሁሉም ክፍት ነው። በአገራችን ደግሞ ሞክሼ ብዙ ነው፤ ስምም የአባት ስምም የሚገጥም ሰው ማግኘት ቀላል ነው። የሌላ ሰውን ባጅ ሊንክ ሲቪው ላይ የለጠፈ ሞክሼ ቢመጣ ገጹ ላይ ስሙ ይገጥማል፣ አድራሻው ትክክል ነው፣ ሁኔታው ደህና ነው። ምን እናድርግ?

ቀላሉ መፍትሔ ቃለ መጠይቁ ላይ ነው። «እባክዎ በስልክዎ ወደ ራስዎ አካውንት ገብተው ባጁን ያሳዩን» ማለት ይቻላል። የራሱ ከሆነ ገብቶ ያሳያል፤ ስሙንም ከመታወቂያው ጋር ታስተያያላችሁ። የይለፍ ቃሉን አትጠይቁ፣ ሲጽፍም አትዩ፤ ከገባ በኋላ ብቻ ተመልከቱ።

ሌላው መንገድ በኢሜይል ነው። የባጁ ፋይል ውስጥ የባለቤቱ ኢሜይል በግልጽ አይጻፍም፤ በብዛት የሚገባው ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል መንገድ ወደ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ተቀይሮ ነው። የባጅ ማረጋገጫ ገጾች ባጁንና አመልካቹ የሰጣችሁን ኢሜይል ተቀብለው ይገጥማል ወይም አይገጥምም ይሏችኋል። የማይገጥም ከሆነ ወዲያው አትፍረዱ፤ ሰውየው ፈተናውን የወሰደው በድሮ መሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ሊሆን ይችላል። ጠይቁት።

መዝገቡ ፈጽሞ የማይይዘው ነገርም አለ። ፈተናው ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ከሆነ፣ መዝገቡ የሚያውቀው ስሙን ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የሙያ ጥያቄ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቃለ መጠይቁ ላይ ይቀመጥና ሰርተፊኬቱ ውስጥ ካለው ጉዳይ አንዱን ያሠራው።

«የለም» ሲል

ካነሣኋቸው ሁሉ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እንድትይዙ ነው የምፈልገው፦ የፍለጋ ውጤት ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱንም በአንድ ዓይን አትዩ።

ተገኝቶ የሚገጥም ከሆነ ገጹን አትማችሁ ወይም በፒዲኤፍ አስቀምጣችሁ፣ ያጣራው ሰው ስም፣ ቀኑና አድራሻው ተጽፎበት ፋይል ውስጥ ይግባ። የሚያበቃበት ቀን ካለ እሱም ቀን መቁጠሪያ ላይ ይመዝገብ፤ ዛሬ የሚሠራ ሰርተፊኬት በመጪው ዓመት ሊያበቃ ይችላልና።

ተገኝቶ የማይገጥም ከሆነ፣ ልክ እንደ ጸሐይ፣ ልዩነቱን በጽሑፍ አስቀምጡና አመልካቹን ጠይቁ።

ያልተገኘ ከሆነ ደግሞ ያ ማለት ገና አልታወቀም ማለት ነው፤ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ስሙ በሌላ አጻጻፍ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሰው መረጃውን ለሕዝብ እንዳይታይ አድርጎታል። አንዳንዱ ባጁ በኢሜይል ሲመጣለት ሳይቀበለው ቀርቷል። ባጅ ከመምጣቱ በፊት የተፈተነም ሞልቷል። ሰጪው ራሱ ቤት ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ማይክሮሶፍት ለምሳሌ በ2023 እ.ኤ.አ. ሰርተፊኬቶቹን ከክሬድሊ አውጥቶ ወደ ራሱ ገጽ ወስዷል። ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጉ፦ የተመዘገበበትን ስም በትክክል ጠይቁ፣ መረጃውን ለእናንተ እንዲከፍት ወይም ከሰጪው ገጽ በቀጥታ እንዲያጋራችሁ ጠይቁ፣ አሁንም ካልተገኘ ሰጪውን በኢሜይል ጠይቁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰጪው «አናውቀውም» ካለ ያኔ መልስ አግኝታችኋል።

ስለ ጊዜው ደግሞ፦ ለሁለት መቶ አመልካች ይህን ማድረግ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ቃለ መጠይቁን አልፈው ለቀሩት ሁለት ሦስት ሰዎች አድርጉት፤ የቅጥር ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት። የባጁና የመዝገቡ ሥራ በአንድ ጠዋት ያልቃል። የሬጅስትራር መልስ ሊቆይ ስለሚችል መጀመሪያ የሚላከው እሱ ይሁን፤ መልሱ ሳይደርስ ሰው መቅጠር ግድ ከሆነም ቅጥሩ በመልሱ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ይጻፍ። ሰው ከተቀጠረ፣ ደመወዝ ከበላ፣ የድርጅቱን ቁልፍ ከተረከበ በኋላ ማጣራት ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

ፈቃድም አትርሱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ማመልከቻ ቅጹ ላይ «ያቀረብኩትን ማስረጃ ከሰጪው ተቋም እንዲያጣሩ ፈቅጃለሁ» የሚል አንድ መስመር ከፊርማ ጋር ይኑር። ስታጣሩም ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ጠይቁ፤ የተመረቀ መሆኑን ማወቅ ለሚበቃ ቦታ የሁሉንም ኮርስ ነጥብ መሰብሰብ አያስፈልግም።

በመጨረሻ ቀጣሪ ላልሆናችሁት፣ ነገ ለምታመለክቱት አንድ ቃል። ፈተና ስትመዘገቡ ስማችሁን በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ፤ ሁልጊዜም በዚያው አጻጻፍ ብቻ ጻፉ። በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ሳይሆን በራሳችሁ ኢሜይል ተመዝገቡ። ሲቪያችሁ ላይ ከሰርተፊኬቱ ስም ጎን ባጁ ላይ ያለውን ርዕስ ቃል በቃል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን፣ የሚያበቃበትን ቀንና የተመዘገባችሁበትን ስም አስቀምጡ። ቀጣሪው አጣርቶ ሲጨርስ ከጻፋችሁት ሌላ ምንም እንዳያገኝ።

ጥያቄ ያለው በቡናው ሰዓት ያግኘኝ።